ያለ ሰንጋ ያወጣነው የአባቴ ተዝካር

አባቴ ያረፈው ጥቅምት 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ነበርኩ። የወር ደመወዜ 7,071 ብር ሲሆን ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 5,400 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የምኖረው በኪራይ ቤት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምነግራችሁ ጉዳይ በሙሉ የተመዘነው በዚህ ደመወዝ ስለሆነ ነው። እንደ እኔ ተቀጣሪ ሆናችሁ የወላጅ ተዝካር ከፊታችሁ የተደቀነባችሁ ካላችሁ፣ ያለፍኩበትን መንገድ ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ለቅሶው በወጉ አለፈ። እድራችን ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩንና ድስቱን አመጣ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቀለ። ወሬው የተነሣው በሣልስቱ ዕለት ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው፣ ከደንቢያ መጥተው ነበር። ለቀስተኛው መበታተን ሲጀምር ድንኳኑ ውስጥ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ተዝካሩን እንነጋገር። ወንድሜ የሰው ሲበላ የኖረ ሰው ነው፤ ሰው ያበላውን ሳያበላ አይሸኝም። ሁለት ሰንጋ ይጣላል፤ ሌላውን ልጆቹ ታውቃላችሁ» አሉ። የተቀመጠው ሁሉ «እንዲያ ነው እንጂ!» አለ። ከዚያ ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ ዐረፈ። የበኩር ልጅ ነኝ፤ በዚያ ላይ «የመንግሥት ሠራተኛ» ነኝ፤ በዘመዶቼ ዘንድ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ማለት ገንዘብ የማያጣ ሰው ማለት ነው።

እኔም «አያ፣ የተናገሩትን ሰምቻለሁ። እምዬን ሳላማክር ግን ቃል አልሰጥም» አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም። እናንተም እንዲህ ያለ ጥያቄ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሲነሣባችሁ «እሺ»ም «እምቢ»ም አትበሉ። «እሺ» ካላችሁ በሐዘን መሀል፣ በሰው ፊት የወጣ ቃል ነውና ኋላ መመለሱ ያዋርዳችኋል። «እምቢ» ካላችሁ ደግሞ ሟቹን የናቃችሁ ይመስላል፤ ያ ወሬ ከእናንተ ቀድሞ ገጠር ይገባል። እናትን ማማከር ግን ማንም የማይነቅፈው መልስ ነው፤ ጊዜም ይገዛል።

የፈራሁት ድህነትን ብቻ አልነበረም። የአጎቴ ልጅ የአባቱን ተዝካር ለማውጣት ሁለት ጥማድ መሬቱን ለዓመታት አከራይቶ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሰው መሬት በእኩል ሲያርስ አይቻለሁ። ለተዝካሩ የመጣው ሰው ደስ ብሎት በልቶ፣ አመስግኖ ሄደ። የዚያ ዓመት ክረምት ልጁ እህል ለመበደር በየቤቱ ሲዞር ግን ከበሉት ውስጥ በሩን የከፈተለት ጥቂት ነው። አባቴ ራሱ ይህን አይቶ አዝኖ ነበር፤ «ሙት አይበላ፣ ሕያው አይራብ» ይል ነበር፤ ስለዚህ እኔ ያደረግሁትን ያደረግሁት ከአባቴ ተጻርሬ አይደለም።

ድንኳኑ በተነሣ በሳምንቱ ከእህቴ ጋር ደብተር ይዘን ተቀመጥን። አያ ያሉትን ድግስ አንድ በአንድ ጻፍነው። በዚያ ሰሞን ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አንድ ደህና ሰንጋ 23,000 ብር ይጠራል፤ ሁለቱ 46,000 ብር። አራት ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ 13,200 ብር። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱና ዘይቱ 14,000 ብር። የጠላው ብቅል፣ ጌሾና ዳጉሳ 9,000 ብር። አረቄው 4,500፣ ማገዶና ሌላው ጥቃቅን 6,000 ብር። ስንደምረው 92,700 ብር ወጣ። ምንም ሳልበላ፣ የቤት ኪራይ ሳልከፍል ብቆጥብ እንኳ የአንድ ዓመት ከአምስት ወር ደመወዜ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር 60,000 ብር ሊያበድረኝ ይችል ነበር። ወለዱን ጨምሮ ለሦስት ዓመት በየወሩ ወደ 2,100 ብር ይቆረጥብኛል። እጄ ላይ የሚቀረው 3,300 ብር ግድም ነው፤ ከዚያ ላይ 1,500 ብር የቤት ኪራይ ሲነሣ በቀሪው አራት ሰው ወር ሊከርምበት ነው። በእኛ ክፍል ለሠርግ ተበድረው የደመወዝ ቀን ሲደርስ ከአበዳሪ ወደ አበዳሪ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። የግዥ ሠራተኛ ወር አጋማሽ ላይ ባዶ ኪስ ሲሆን ምን ዓይነት ሰው እንደሚቀርበው ደግሞ ሥራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

እህቴ ሒሳቡን አይታ «ታዲያ የለንም እንበላቸዋ» አለች። አይሆንም አልኳት። በእኔ ግምት ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። «የለኝም» ያለ ሰው ራሱን ለአበዳሪ አሳልፎ ይሰጣል። አንዱ «እኔ በሬ በዱቤ አስገኝልሃለሁ» ይላል፣ ሌላው «ከማኅበሩ ውሰድ፣ እኔ ዋስ እሆናለሁ» ይላል፤ ሁሉም በደግነት ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ እምቢ ለማለት ሰበብ አይኖራችሁም። መባል ያለበት «ይህን አላደርግም፤ በምትኩ ግን ይህን፣ ይህንና ይህን አደርጋለሁ» ነው። ስለዚህ ወደ ዘመድ ከመሄዴ በፊት «በምትኩ» የምለውን በሙሉ አዘጋጀሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ንስሐ አባታችን ነው። አርባው ቀን ጥቅምት 25ን አንድ ብለን ስንቆጥር ታኅሣሥ 4 ይውላል፤ ቀኑ ቅዳሜ ነው። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ጾም ገና አልተፈታም። ስለዚህ በአርባው ዕለት ሥጋ የሚባል ነገር አይታሰብም። ዘመዶቼ ይህን ያውቁታል፤ ሐሳባቸው ቅዳሴውንና ፍትሐቱን በአርባው አድርጎ፣ ድግሱን ወደ ሰማንያው፣ ወደ ጥር 14 ማሻገር ነው። ጥምቀት ጥር 11 ስለሆነ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ጎንደር ይገባል፣ ሰው በርከት ይላል፣ ጾምም የለም። ሐሳቡ ሲሰሙት ያማረ ነው። ግን ሁለት ነገር ተደብቆበታል። አንደኛ፣ የበሬና የበግ ዋጋ ለገና ወጥቶ እስከ ጥምቀት ድረስ አይወርድም። ሁለተኛውና ዋናው፣ በአርባው ቀን ሰው መምጣቱ አይቀርም። ፍትሐት የተደረገበት ቤት ካህኑም፣ ጎረቤቱም፣ የእድሩም ሰው ይመጣል፤ የመጣን ሰው ደግሞ ባዶ አፉን አትመልሱትም። ስለዚህ «ወደ ሰማንያው እናሻግረው» ማለት በተግባር ሁለት ጊዜ መደገስ ነው።

ንስሐ አባታችንን «አባ፣ ተዝካሩን በዕለቱ፣ በጾሙ፣ በጾም ምግብ ባወጣው ነውር አለው?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ልጄ፣ ለነፍሱ የሚደርስለት ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው። ጌታ በወንጌል ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ ነው ያለው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ አንብበው። በሬ አርዶ ባለጠጋ ማብላት የአንተ ክብር እንጂ የአባትህ ስንቅ አይደለም» አሉኝ። ይህን ለዘመዶቼ እኔ ልናገር አልፈለግሁም። ልጅ ሆኜ፣ ያውም ገንዘቡን የማወጣው እኔ ሆኜ ስናገረው ስስት ይመስላልና «ለአያ እርስዎ ይንገሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ።

ቀጥሎ እናቴን አማከርኩ። እምዬ መጀመሪያ አለቀሰች። የፈራችው የሰው አፍ ነው፤ «ባሏን በሽሮ ሸኘችው ይሉኛል» አለች። ስለ ገንዘብ ምንም አላወራኋትም። «እምዬ፣ አባዬ የነቢያትን ጾም አንድ ቀን ሽሮ ያውቃል?» አልኳት። «ኧረ እሱ! ታሞ እንኳ» አለች። «እንግዲያ በሚወደው ጾም፣ በሚበላው ምግብ እናስታውሰው። የአብነት ተማሪዎቹንም እንመግብለት» አልኳት። አባቴ የቆሎ ተማሪ በራችን ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከሰማ እጁ ላይ ያለውን እንጀራ ሳይቀር የሚሰጥ ሰው ነበር። እንባዋን ጠረገችና «ታኅሣሥ 3 በአታ ናት፤ ተማሪውም ሊቃውንቱም ለንግሡ ይሰበሰባሉ። በማግሥቱ ለእኛ ይሆናሉ» አለች። ጎንደር በአታ የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያ ናትና የተማሪው ነገር ለእምዬ ትልቅ ክብር ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሐሳቡ የእሷ ሆነ። ከማንም በፊት እናትን ከጎናችሁ አድርጉ የምለው ለዚህ ነው፤ ዘመድ ከእናንተ ጋር ይከራከራል እንጂ ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር አይከራከርም።

በዚህ መሀል ያልጠበቅሁት ፈተና መጣ። ለመሥሪያ ቤታችን ዕቃ የሚያቀርብ አንድ ነጋዴ ለቅሶ ደርሶኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደወለና «ወንድሜ፣ ለአባታችን ተዝካር አንድ ሰንጋ ከማክሰኚት አስመጥቻለሁ። በዕለቱ ደጅህ ድረስ ይመጣልሃል፤ እንዳታስብ» አለኝ። እኔ ስልኩን ሳነሣ እሱ ለካ አስቀድሞ ለአንድ ዘመዳችን ነግሮት፣ ወሬው አያ ጆሮ ገብቷል። በዚያ ወር እኔ ያለሁበት ኮሚቴ የሚገመግመው ጨረታ ነበር፤ ነጋዴው ደግሞ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ለቅሶ መድረስህ ለእኔ በቂዬ ነው። ሰንጋውን ግን አልቀበልም፤ ከላክኸውም ከደጅ ይመለሳል» አልኩት። «ለሐዘን እኮ ነው፤ ከሥራ ጋር ምን አገናኘው?» አለ። «አንተ እንዳላገናኘኸው አምናለሁ። እኔ ግን ዋጋህን ሳይ በሬህን አስበዋለሁ» አልኩት። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ስገባ ለኃላፊዬ ነገርኩ፤ በቃል ብቻ ሳይሆን በአጭር ማስታወሻ ቀኑንና የተባለውን ጽፌ ሰጠሁ፤ ከዚያ ግምገማም ራሴን አገለልኩ። እንዲህ ያለ ስጦታ ሲመጣባችሁ እምቢ ማለት ብቻ አይበቃም፤ የዚያኑ ዕለት ወይም በማግሥቱ በጽሑፍ አሳውቁ። ጨረታው ለማንም ቢወጣ ኋላ «ተቀብሏል» ወይም «ስላልሰጠው ቀማው» የሚል አይጠፋም፤ ያን ጊዜ የሚመሰክርላችሁ ቀን ያለበት ወረቀት ነው። የሐዘን ስጦታ ነው፣ የሠርግ ስጦታ ነው ማለት መሸሸጊያ አይሆንም፤ ከባለጉዳይ የመጣ ጥቅም ሁሉ ጥቅም ነው።

አያ ግን ተቆጡ። «የመጣ ሰንጋ ይመለሳል? ወንድሜን በሕይወት ሳለ ያላዋረደው ልጁ ሊያዋርደው ነው?» ብለው ላኩብኝ። ይህ በስልክ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ቡናና ስኳር ገዝቼ፣ ንስሐ አባታችንን ይዤ፣ በአዘዞ በኩል ወደ ቆላ ድባ ወረድን። ከመኪና ወርደን ወደ አያ መንደር በእግር ስንገባ ሰዉ ጤፉን እያጨደ ነበር። አያ ከአውድማው ዳር ተቀምጠው አገኘናቸው፤ አባን ሲያዩ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ፣ እኔን ዝም አሉኝ።

ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ተዝካር ማንም አልተነፈሰም። ስለ ምርቱ፣ ስለ ሽምብራው፣ ስለ በሬያቸው እግር ሕመም ተወራ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው «አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ያልኳቸው። አያ በአገሩ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የድንበር ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። «ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው ሽምግልና ቢቀመጡ፣ በዋዜማው አንደኛው አንድ ገምቦ ማር ይዞ ቤትዎ ቢመጣ ይቀበሉታል?» አልኳቸው። «እንዴት ተደርጎ!» አሉ ወዲያው፤ ከዚያ ዝም አሉ። ገብቷቸዋል። «እኔም ሽማግሌ ነኝ አያ፤ በመንግሥት ገንዘብ ላይ የተቀመጥሁ ሽማግሌ ነኝ። ያ ሰውዬ ማር ይዞ የመጣው ባለጉዳይ ነው» አልኳቸው።

አያ ቀና ብለው አባን ተመለከቱ። አባም ያን ጊዜ የጾሙን፣ የምጽዋቱን፣ የሉቃስ ወንጌሉን ነገር በራሳቸው አንደበት አስረዱ። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም። አባ ሲጨርሱ ደብተሬን አውጥቼ ሁለቱን ሒሳብ አነበብኩላቸው፤ የአያን ድግስና የእኛን። ደመወዜን ጭምር ነገርኳቸው። አያ ደመወዜን እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር፤ «ለወር ነው ለሳምንት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ለካ ዘመድ ብዙ የሚጭንብን ስለማይወደን ሳይሆን ስለማያውቅ ነው። የገጠር ዘመድ የሚያየው ሸሚዛችሁንና የጫማችሁን ቀለም ነው። እስከ ዛሬ ደመወዛችሁን ደብቃችሁ ከሆነ፣ ቢያንስ ለቤተሰቡ ታላቅ ሰው፣ ለብቻው፣ ቁጥሩን ተናገሩ።

ከዚያ ስለ ሥራ ክፍፍሉ አነሣሁ። «የተዝካሩ አባት እርስዎ ነዎት። እኔ ገንዘቡን አወጣለሁ፤ ማን ይጠራ፣ ማን የት ይቀመጥ፣ ማን ያሳልፍ የእርስዎ ነው። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ጤፋችን ሁለት ኩንታል ነው» አልኳቸው። ከአንድ ኩንታል የሚወጣው እንጀራ ሦስት መቶ አይሞላም፤ ሁለቱ ኩንታል ለሁለት መቶ ሃምሳ ሰው በደንብ ይበቃል። አያም ሦስት ነገር ጠየቁ። ጠላው የሚያሳፍር ቀጭን እንዳይሆን፣ የአባቴ የሰንበቴ ወንድሞች ቀድመው እንዲቀመጡ፣ ከደጅ የመጣ ማንም ሰው እንዳይመለስ። ሦስቱንም እሺ አልኩ፤ ለጠላውም ካሰብነው በላይ ገንዘብ መደብሁ። ታላቅ ሰው ያለውን አንዳች ሳትቀበሉ ሐሳባችሁን ብቻ ካስፈጸማችሁ ሐሳቡ የእናንተ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ኋላ የሚከላከልላችሁም አይኖርም። አያ ስንለያይ አንድ ቁና ሽምብራ አሸከሙኝ፤ «የሽሮው ነገር የእኔ ነው» አሉ።

የእኛ ወጪ በጠቅላላው 24,000 ብር ሆነ። ጤፉ 6,600፣ ምስሩ፣ ዘይቱና ቅመሙ 3,900፣ ጠላው 4,500፣ የስንዴ ዳቦው 1,800፣ ለቤተ ክርስቲያን የጧፉ፣ የእጣኑ፣ የፍትሐቱ 3,000፣ ለአብነት ተማሪዎቹ ለብቻ 2,500፣ ቀሪው ማገዶና ሌላም። ከዚህ ውስጥ 6,000 ብር እድሩ የሰጠን ነው፤ እህቴ 4,000፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ 4,000፣ እኔ ከቁጠባዬ 10,000 ብር አወጣን። የተበደርነው ሳንቲም የለም። ወንድሜ መጀመሪያ ከሩቅ ሆኖ «እንዴት ሥጋ ሳይቆረጥ?» ብሎ ነበር፤ ሒሳቡን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፣ ድርሻውን ላከ።

ለተጠሪዎቹም ነገሩን አልደበቅሁም። ለየቅርብ ዘመዱ ቤት እህቴና እኔ ሄደን «ተዝካሩ በዕለቱ ነው፣ በጾሙ ነው» ብለን በአፋችን ነገርን። ሰው ሰንጋ ጠብቆ መጥቶ ሽሮ ሲቀርብለት ነው የሚያማው፤ አስቀድሞ ካወቀ ግን ጾም ቤት ለመምጣት አስቦ ይመጣል። ከነገርናቸው ውስጥ ጥቂቶቹ «እንግዲያስ እኔም እንጀራ ይዤ እመጣለሁ» አሉ። በሰንጋ ድግስ ቢሆን ኖሮ እነሱም በግ ለመጎተት ይጨነቁ ነበር፤ የእኛ መቅለል ለእነሱም ቀለላቸው።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 4 ጠዋት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ጸበል ጸዲቁ ተባረከ። ቤታችን ደጅ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። አያ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆመዋል፤ እንግዳውን በየማዕረጉ የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። የሰንበቴ ወንድሞች ከፊት፣ ካህናቱ ከላይ፣ ከወደ ጓሮ ደግሞ በሰሌን ላይ የአብነት ተማሪዎቹ። ለተማሪዎቹ የቀረበው ለካህናቱ ከቀረበው አልተለየም፤ እምዬ ራሷ ናት ያቀረበችላቸው። ሽሮው፣ ድፍን ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የስልጆው ጭልፋ፣ ከየመሶቡ ይነሣል ይመለሳል። ጠላው አያ እንዳሉት ወፍራም ነበር።

ከደንቢያ የመጡ አንድ አረጋዊ ከበሉ በኋላ ጮክ ብለው «ኧረ ሥጋው የታለ? እንዲህ ያለ ሰው በሽሮ ይሸኛል?» አሉ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። እኔ ለመናገር ተነሥቼ ነበር፤ አያ በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝ። «ጾም ነው። ወንድሜ ጾም ሽሮ አያውቅም፤ በተዝካሩም አናስሽረውም» አሉ። በቃ። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚጨምር ሰው አልነበረም። ያን መልስ እኔ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ለስስቴ የፈጠርኩት ሰበብ ይባል ነበር።

በማግሥቱ ሰው ሳይበተን እህቴ ደብተሩን ከፍታ ለቤተሰቡ ሁሉ የወጣውንና የገባውን አነበበች። ይህን እንድታደርጉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ድግስ ትንሽ ሲሆን «እድሩ የሰጠውን ኪሱ ከተተው» የሚል ሐሜት ይነሣል፤ ከማጣት በላይ ክብር የሚያሳጣው እሱ ነው። የተጻፈ፣ በሁሉም ፊት የተነበበ ሒሳብ ካለ ግን ወሬው የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

ግፊቱ በአርባው አላበቃም። ሰማንያው ሲደርስ ተነሣ፣ ለሙት ዓመቱም በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ተነሣ። የመጀመሪያው ላይ ከቆማችሁ የኋላኛው ይቀላል፤ በሁለቱም ቀን ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ተማሪዎቹን መግበን፣ ቡና አፍልተን ተለያየን። ለድግስ ብድር ከመሯሯጥ ይልቅ ያን ሰሞን ጊዜዬን ያዋልሁት በእምዬ ጉዳይ ነው። አባቴ ጡረተኛ ነበርና የሟች ሚስት ግማሹን ጡረታ የማግኘት መብት አላት። የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የጋብቻ ማስረጃውንና የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አሟልቼ አስከበርኩላት። አያ ይህን ሲሰሙ «ይኸ ነው ልጅ» ብለው በሰው ፊት መረቁኝ። ዘመድ በድግስ ብቻ አይደለም የሚያከብረን፤ ግን አንዱን ስንነሣው ሌላውን ማሳየት የእኛ ፋንታ ነው።

ሁሉም ሰው ግን ረክቷል ብል እዋሻችኋለሁ። አንዲት አክስቴ እስከ ዛሬ በተዝካሩ ነገር ቅር እንዳላት ነች። እሷ ለባሏ ሁለት በሬ ጥላ ነበር፤ የእኛን ማቅለል የእሷን እንደ መንቀፍ ቆጠረችው። ከእሷ ጋር ስለ ተዝካር አልከራከርም፣ የእሷ ልክ አልነበረም ብዬም ለማንም አልናገርም። በእሷ ቤት ሐዘንም ደስታም ሲኖር ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ እንጀራ ትጋግራለች፣ እኔ እንጨት እፈልጣለሁ፣ እስከ መጨረሻው ሰዓት አሳልፋለሁ። ባለፈው ልጇ ሲታመም ሆስፒታል ያደርኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ስትመጣ ስለ ሰንጋ አላነሣችም፤ «በል ተነሥ፣ ሥራህ እንዳይረፍድብህ፣ እኔ ልቀመጥ» አለችኝ።